የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ካፕሽን፦ አንድ ቃል፣ አንድ መስመር ወይስ ሁለት መስመር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀንበር ስትጠልቅ ያነሱትን ፎቶ ሊለጥፉ ሲሉ ከስሩ ምን እንደሚጽፉ ግራ ለሚገባቸው ሰዎች።

አጭር ካፕሽን ሲባል ምን ያህል አጭር ነው?

ከአንድ ቃል እስከ ሁለት አጫጭር መስመር። ሦስተኛ መስመር ከመጣ ነገሩ ወደ ታሪክ እየሄደ ነው፤ ታሪክ መጻፍ ደግሞ ነውር አይደለም፣ ሌላ ሥራ ነው እንጂ። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ይፈቅዳል፣ ኤክስ ደግሞ በነፃ ለሚጠቀም ሰው 280። ኤክስ ግን የእኛን ፊደል አንዱን እንደ ሁለት ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ ለእናንተ ያለው ቦታ 140 ነው። ለአጭር ካፕሽን ግን 140ም ይተርፋል። ጥያቄው የቦታ ሳይሆን ፎቶው ራሱ ምን ያህል ተናግሯል የሚለው ነው።

ሦስቱ ከርዝመታቸው ሌላ በምን ይለያያሉ?

ሥራቸው ይለያያል። አንድ ቃል ዓይን ይመራል፣ ተመልካቹ ፎቶው ውስጥ የቱን ነገር ቀድሞ እንዲያይ ይወስናል። አንድ መስመር ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር ያመጣል። ሁለት መስመር ደግሞ ሁለት ነገር ያቀራርብና በመሃላቸው ትንሽ መታጠፍ ይፈጥራል።

በአንድ ፎቶ እንየው። ጸጥ ያለ ሰፊ ውኃ አለ። ፀሐይ ግማሿ ገብታለች። በግራ ጠርዝ በኩል አንድ ትንሽ ጀልባ አለች፣ ላይዋ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው። ብርሃኑ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ አይታይም፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው።

«መሸ።» ብትሉ ዓይን ፀሐይዋ ላይ ይቀራል፣ ሰውየው ጌጥ ይሆናል። «ቆመ።» ብትሉ ግን ዓይን በአንዴ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መቅዘፊያው ለምን ከፍ እንዳለ ይገባናል፣ ሰውየው መቅዘፉን ትቶ እያየ ነው። ፎቶው አንድ ነው፣ የተለወጠው አንድ ቃል ነው።

በአንድ መስመር፦ «መረቡን ሳያወጣ መሸበት»። መረቡ ፎቶው ላይ የለም፣ ውኃ ውስጥ ነው። ካፕሽኑ አመጣው። አሁን ሰውየው ጀንበር የሚያደንቅ ሳይሆን ሥራ ያላለቀለት ሰው ሆነ።

በሁለት መስመር፦

«ለመሄድ ስንነሳ እሱ ገና ነበር።
እኛ ነን የመሸብን።»

እዚህ ላይ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ያሉት ሰዎችም ገቡበት። እሱና እኛ ጎን ለጎን ቆምን፣ ሁለተኛው መስመርም ፎቶውን ወደኛ አዞረው። ይሄን በአንድ ቃል መሥራት አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም።

አንድ ቃል ብቻ መጻፍ የምፈልግ ከሆነ ምን ዓይነት ቃል ልምረጥ?

ግስ ምረጡ። ብዙ ሰው «ምሽት»፣ «አመሻሽ»፣ «ጀንበር» ብሎ ስም ይጽፋል። ስም መለያ ነው፣ ፎቶው የሚያሳየውን መልሶ ይጠራል። «መሸ» ግን ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንድ ነገር ሆኗል ይላል። አማርኛ ለአንድ ቃል ካፕሽን የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ማን እንዳደረገው እንኳ ግሱ ውስጥ አለ። «ቆየሁ» ብትሉ ብቻችሁን ነበራችሁ። «ቆየን» ብትሉ ከጎናችሁ ሰው አለ፣ ፎቶው ላይ ባይታይም። ጓደኞቻችሁ «ከማን ጋር?» ብለው ኮሜንት ላይ ቢወሩባችሁ ታዲያ የኔ ጥፋት አይደለም።

ከዚህም ይጠልቃል። «መሸ»፣ «መሸብኝ» እና «መሸልኝ» ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። «መሸ» የሚሆነውን ብቻ ይናገራል። «መሸብኝ» ያሰበው ያልደረሰለት ሰው ነው፣ መንገድ ላይ የቀረ ወይም ሥራው ያላለቀ። «መሸልኝ» ደግሞ ቀኑ የከበደው፣ ማለቁን ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው። አንድ ቃል ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት እነዚህን ሦስቱን ፎቶው ስር እያደረገ ቢያይ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከመሃላቸው አለ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ቃሉ ከሰዓቱ ጋር ይስማማ። ፀሐይዋ ገና ከአድማስ በላይ እያለች «ድንግዝግዝ» ማለት አያስኬድም፣ ድንግዝግዝ እሷ ከገባች በኋላ ነው። «ወጋገን» እና «ጎህ» ደግሞ የንጋት ቃላት ናቸው። ድምፃቸው ስለሚያምር ብቻ የምሽት ፎቶ ስር ሲለጠፉ አያለሁ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይሰማዋል።

«ድንቅ»፣ «ውበት»፣ «ሰላም» ብል ምን ችግር አለው?

ተመልካቹ ራሱ ሊለው የነበረውን ቀማችሁት። ፎቶው ድንቅ ከሆነ እሱ ይበለው። ፎቶው ያን ያህል ካልሆነ ደግሞ ቃሉ ያሳጣዋል። ደግሞም እነዚህ ቃላት ተራራም፣ ሕፃንም፣ የአበባ ማስቀመጫም ስር ይሄዳሉ። ካፕሽናችሁን ወስዳችሁ በሐሳባችሁ የሌላ ሰው የጀንበር ፎቶ ስር ለጥፉት። እዚያም እኩል ከሠራ የናንተ ፎቶ ካፕሽን አይደለም።

አንድ መስመር ላይ ምን ልጻፍ? ሁልጊዜ ፎቶውን ራሱን ነው የምደግመው።

«ፀሐይዋ ውኃው ላይ ቀስ ብላ ስትጠልቅ» ዓይነቱን ማለታችሁ ነው። አዎ፣ ይሄ የአንድ መስመር ትልቁ በሽታ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካሜራ የማይዘውን ጻፉ። ድምፅ፣ ብርድ፣ ሽታ፣ ከፎቶው በፊት የሆነ ነገር፣ ከፎቶው በኋላ የሆነ ነገር። ለጀልባው ፎቶ «መቅዘፊያው ዝም ካለ በኋላ» ብትሉ ድምፅ አመጣችሁ፣ ያውም የጠፋ ድምፅ።

ጊዜ ደግሞ ለጀንበር ፎቶ በተለይ ይመቻል፣ ምክንያቱም ፎቶው ቆሟል፣ ፀሐይዋ ግን አልቆመችም። ለምሳሌ ከምድር ወገብ አካባቢ የፀሐይዋ ታችኛው ጠርዝ አድማስን ከነካበት እስክትሰወር ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። «ሁለት ደቂቃ አልሞላትም» የሚል መስመር እዚያ ላለ ሰው ከእውነቱ አይርቅም። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋችሁ ቁጥር ግን በሰያፍ ስለምትወርድ ጊዜው ይረዝማል፤ እዚያ ሆናችሁ ይሄን ብትጽፉ የአካባቢው ሰው ይስቅባችኋል።

ሌላም አለ። ፀሐይዋ እንደገባች ብዙ ሰው ካሜራውን አጥፎ ይሄዳል። ከፍ ያለ ደመና ካለ ግን ደማቁ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአድማስ በታች የወረደችው ፀሐይ ደመናውን ከስሩ ታበራዋለች። ቆይታችሁ ያን ቀይ ካነሳችሁት እውነቱ ራሱ ካፕሽን ነው፦ «ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀዩ መጣ»። መጀመሪያ «ቀዩ የመጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁት ይሆናል። ስህተት የለውም፣ ግን «ነው» ላይ ያልቃል፣ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ይመስላል። ከላይ ያለው ግን «መጣ» ላይ ነው የሚያልቀው፤ ቀዩ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይደርሳል። በአማርኛ ግሱ ከኋላ ስለሚመጣ ከባዱን ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ አያስቸግርም፣ ዕድሉን ግን «ነው» እና «ነበር» ላይ አታባክኑት።

አንድ መስመር ብዬ የጻፍኩት ስልክ ላይ ሁለት መስመር ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

አሳጥሩት፣ ወይም ራሳችሁ ቁረጡት። ስልኩ እንዲቆርጠው ከተዋችሁት ቦታ አይመርጥም። «ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀዩ» ብሎ ከላይ ይተውና «መጣ» ብቻዋን ወደ ታች ትወርዳለች። አንዳንዴ በአጋጣሚ ያምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያስቀይማል። ፊደላችን ሰፋ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ኢንስታግራም ፊድ ላይ የተጠቃሚ ስማችሁን ከካፕሽኑ ፊት እዚያው መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ስማችሁ ረጅም ከሆነ መስመሩ ግማሹ ተበልቷል ማለት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት አጫጭር ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክም እዩት፣ የፊደሉን መጠን አጉልቶ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው መስመር ምን ሊሠራ ነው የሚገባው?

መዞር። የመጀመሪያው መስመር አንድ ነገር ያስጠብቃል፣ ሁለተኛው ሌላ ነገር ይሰጣል። ማስፋፋት ብቻ ከሆነ ሥራው አይረባም። «ጀንበር ስትጠልቅ / ሰማዩ ሲቀላ» ብትሉ ሁለተኛው የመጀመሪያው ወንድም ነው፣ አንዱን ብታወጡት ማንም አያጣውም። ፈተናውም ይሄው ነው። ሁለተኛውን መስመር በእጃችሁ ሸፍኑት። የመጀመሪያው ብቻውን ሙሉ ከሆነ ሁለተኛውን ሰርዙት፣ እሱ አንድ መስመር ካፕሽን ነበር።

መስመሩ የሚቆረጥበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ይህን እዩ፦

«አሁን የምታዩዋት ፀሐይ
ገብታለች።»

ይሄ ለቅኔ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፣ እውነት ነው። አየሩ ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው አድማስ ላይ ያለች ፀሐይ ከትክክለኛ ቦታዋ ከፍ ብላ ነው የምትታየን፤ ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል፣ እሱም የፀሐይዋ የራሷ ስፋት ያህል ነው። ስለዚህ ታችኛው ጠርዟ አድማስን ሲነካ ባየንበት ቅጽበት፣ አየር ባይኖር ኖሮ ጨርሳ ከስር ነበረች። ይሄ ካፕሽን በአንድ መስመር ቢጻፍ መረጃ ይሆናል። «ፀሐይ» ላይ ሲቆረጥ ግን አንባቢው ፎቶውን ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ «ገብታለች» ይመጣበታል። ከግሱ በፊት መቁረጥ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የሚሠራው ግን ፀሐይዋ አድማስን የነካችበት ፎቶ ላይ ነው። ከፍ ብላ ያለችበት ፎቶ ስር ካደረጋችሁት ውሸት ነው።

ሁለቱ መስመሮች ቤት መምታት አለባቸው?

የለባቸውም፣ እንዲያውም ባይመቱ ይሻላል። ፀሐይንም ጀንበርንም በአንስታይ ስለምንጠራ ግሶቹ ሁሉ በ«ች» ያልቃሉ፦ ገባች፣ ጠለቀች፣ ቀረች፣ ሄደች። ሳታስቡት ቤት ይመታል። ሳይለፉበት የመጣ ቤት ደግሞ የቀልድ ግጥም ያስመስለዋል፦ «ጀንበር ጠለቀች / እኔን ትታ ሄደች»። ስሜቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ድምፁ ግን ያስቃል።

መውጫው የአንዱን መስመር ባለቤት መለወጥ ነው። «ጀንበር ጠለቀች / እኔ ገና ነኝ» ብትሉ «ች» የሚለው ድምፅ አይደገምም፣ መዞሩም ወዲያው ይመጣል፤ እሷ ጨርሳለች፣ እኔ አልጨረስኩም። ሆን ብላችሁ ቤት ልታስመቱ ከፈለጋችሁ ግን ቢያንስ በግስ ማለቂያ አይሁን፣ በስም ሞክሩት፤ ይከብዳል፣ ስለከበደም ያምራል።

አራት ነጥብ ላድርግ? ኢሞጂስ?

አንድ ቃል ላይ አራት ነጥብ ሙሉ ሥራ አለው። «መሸ።» የተዘጋ በር ነው። «መሸ» ያለ ነጥብ ደግሞ አየር ላይ ይቀራል፣ የሚቀጥል ይመስላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የምትፈልጉትን ምረጡ። ሁለት መስመር ላይ የመጀመሪያው በአራት ነጥብ ካለቀ ሁለት ነገር ተናገራችሁ፤ ባዶውን ከተዋችሁት አንድ ነገር ሰብራችሁ ተናገራችሁ። ነጠብጣቡን («...») ተዉት። ጥልቅ ነገር አለ ይላል፣ ነገሩ ግን የለም።

የፀሐይ ኢሞጂ የፀሐይ ፎቶ ስር ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። የግድ ከሆነ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ይሁን። ሃሽታግም አንድ ቃል ካፕሽን አጠገብ ከተደረደረ ቃሉን ይውጠዋል፤ ከስር መስመር ዘላችሁ አድርጉት፣ ወይም ኮሜንት ላይ ጣሉት።

ሰው ፎቶውን የንጋት መስሎት ካፕሽኑን ባይረዳውስ?

ይሆናል፣ ምክንያቱም አድማስ ላይ ያለች ፀሐይ ገባች ወጣች ከፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም። ቦታውን የማያውቅ ሰው የሚፈርደው በካፕሽኑ ነው። «ቆየሁ» የሚለው ቃል ለምሽት ያልኩት ነው፣ ግን የንጋት ነው ብሎ ለሚያይ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የጠበቃችሁ ትመስላላችሁ። አንድ ቃል እዚህ ላይ ደካማ ነው፣ የሚያስረዳበት ቦታ የለውም። ፎቶው የሚያሻማ ከሆነና መሻማቱ ካልተፈለገ ሰዓቱን የያዘ ግስ («መሸ»፣ «ገባች») ተጠቀሙ፣ ወይም ወደ አንድ መስመር ውጡ። መሻማቱን ከወደዳችሁት ደግሞ ለሁለት መስመር ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ የለም፦ የመጀመሪያው መስመር ንጋት ያስመስለው፣ ሁለተኛው ያምሸው።

«ጠለቀች» ብዬ ብጽፍ ሰዎች «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ግን በአማርኛ ጀንበር መጥለቅና ማዘቅዘቅ ለዕድሜና ለኑሮም የሚነገር ነው፤ «ጀንበሯ አዘቀዘቀች» ሲባል ሰማይ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። አንድ ቃል ብቻውን ሲቆም፣ በተለይ ከአራት ነጥብ ጋር፣ አንባቢው ከባዱን ትርጉም ያነሳል። በዚያ ላይ ካለወትሯችሁ ዝም ብላችሁ ከርማችሁ ብቅ ብላችሁ ከሆነ የለጠፋችሁት፣ መደንገጣቸው አይፈረድባቸውም።

ሐዘን ካልፈለጋችሁ ቀላል ቃል አለ፦ «ገባች»። ሥራ ውላ ወደ ቤቷ የገባች ሴት ዓይነት ድምፅ አለው፣ ማንም አይደነግጥም። ወይም አንድ ተራ ዝርዝር የያዘ መስመር ጻፉ፣ «ጃኬቴን ሳልለብስ ገባች» የሚል። ብርዱ ሐዘኑን ያባርረዋል። በእውነት ሐዘን ላይ ሆናችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ግን አንድ ቃል ጥሩ ነው፣ አንባቢው ያልጻፋችሁትን ይሞላዋል፤ ስትጽፉት ግን ሰው እንደሚደውል እያወቃችሁ ጻፉት።

ሦስቱንም ጻፍኩ፣ ሦስቱም ጥሩ መሰሉኝ። የቱን ልለጥፍ?

ፎቶውን ቁጠሩት። ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ብቻ ካለ፣ ፀሐይና አድማስ ወይም አንድ ዛፍ፣ አንድ ቃል ሞክሩ። ሁለት ነገር ካለና በመሃላቸው ግንኙነት ካለ ሁለት መስመር ይሸከመዋል። ፎቶው ደከም ያለ ከሆነ፣ ማለትም አይታችሁት የነበረው እንጂ የወጣው ያን ያህል ካልሆነ፣ አንድ መስመር ይሻላል፤ የጎደለውን እሱ ያመጣል። አንድ ቃል ደካማ ፎቶን አያነሳም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ፎቶው ባዶ ሲሆንበት ካፕሽኑንም ባዶ ያደርግና ሁለቱ ተደምረው ጥልቅ እንዲሆኑ ይጠብቃል።

ለጀልባው ፎቶ እኔ ብሆን «መረቡን ሳያወጣ መሸበት» የሚለውን እጥላለሁ፣ መረቡን ካላየሁት። ሰውየው መረብ ይኑረው አይኑረው ሳላውቅ ታሪክ ልፈጥርለት አልፈልግም። ሁለት መስመሩ ቆንጆ ነው፣ ግን ወሬው ወደኛ ይዞራል፣ ፎቶው ላይ ያለው ደግሞ እሱ ነው። «ቆመ።» የሚለው ይቀረኛል። እሱን እለጥፋለሁ፤ አብረን የነበርነው ሰዎች ብቻ ለምናይበት ግሩፕ ግን ሁለት መስመሩን እልካለሁ፣ እዚያ «እኛ» ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።